«ቃሉ ምንም ይሁን» ስለተባለው ነገር

ጠያቂ፦ በምንሠራበት የሙያ ማሠልጠኛ ስብሰባ ላይ የትምህርት ቃላትን በአማርኛ ምን እንበላቸው የሚል ጥያቄ ሲነሣ አንድ አስተባባሪ «ተማሪው ከገባው ቃሉ ምንም ይሁን» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እውነት በዚህ እንስማማለን?

የኤሌክትሪክ መምህር፦ አልስማማም፤ «ከገባው» ያሉትን በምን እንደለኩት ግን ቢነግሩን ደስ ይለኛል። የመካኒክስ መምህራችን ፎርስን «ኃይል» ይላል፤ የእኔ መማሪያ ፓወርን «ኃይል» ይላል፤ ስለ ፀሐይ በሚናገረው ምዕራፍ ደግሞ ኢነርጂ «ኃይል» ሆኗል። በፈተና ላይ «ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ለ3 ሰዓት ቢሠራ ምን ያህል ኃይል ይወስዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ፓወር ነው ብሎ 2 ኪሎዋት፣ ሌላው ኢነርጂ ነው ብሎ 6 ኪሎዋት ሰዓት ጻፈ። ቆጣሪው የሚመዘግበው 6ቱን ነው፤ ሽቦውንና ፊውዙን የምንመርጠው ግን በ2ቱ ነው። ሁለቱም ገብቷቸዋል፤ ኤክስ የተደረገበት ግን አንዱ ብቻ ነው።

የአማርኛ መምህርት፦ ስለዚህ ፎርስ፣ ፓወር፣ ኢነርጂ እያልን እንቀጥል ማለትዎ ነው? «ላዕል» እና «ታሕት» በክፍልፋይ ትምህርት ሲገቡ ማን ሞተ? ፎርስን ጉልበት፣ ኢነርጂን ኃይል፣ ፓወርን አቅም ብለን ብንወስን ነገሩ ያልቃል።

የኤሌክትሪክ መምህር፦ በሌላ መጽሐፍ ኢነርጂ «ጉልበት» ተብሎ ታትሟል፤ ያንን ማን ይሰበስበዋል? በቀመሩ ላይ የሚቀመጡት ፊደሎችም F፣ P እና E ናቸው፤ ፎርስ ያለ ልጅ F የማንን ስም እንደያዘች አይጠፋውም።

መካኒክ፦ እኔ ከማርሽ፣ ከካንዴላና ከፍሪሲዮን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለብቃት ማረጋገጫ ፈተና ስቀመጥ «ክላች» የሚል መጣብኝ፤ ስፈታው የኖርኩትን ዕቃ አታውቀውም ተባልኩ። የጣሊያኑ ቃል ይበቃናል፣ እንግሊዝኛ ምን አመጣው?

የኤሌክትሪክ መምህር፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ችግር ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም መኖሩ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ መለጠፍ ይፈታዋል። የእኛ ለሦስት ነገር አንድ ስም መሆኑ ነው።

አርታኢ፦ የእንግሊዝኛውን መዋስም እንደሚመስላችሁ ቀላል አይደለም። በአንድ መማሪያ ውስጥ «ቮልቴጅ» እና «ቮልቴይጅ»፣ «ሬዚስታንስ» እና «ሪዚስተንስ» አግኝቻለሁ፤ በስልኩ ላይ አንዱን ጽፎ የሚፈልግ ተማሪ ሌላው ያለበትን ገጽ አያገኝም። አጻጻፉ ካልተወሰነ ውሰትም ሌላ ዝብርቅርቅ ነው።

የአማርኛ መምህርት፦ መወሰን እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ጅማ በአፋን ኦሮሞ ተምረው የሚመጡት ልጆች ፎርስን ሁምና፣ ኢነርጂን አኒሳ ብለው ለይተው ነው የሚገቡት። የሚደባለቅባቸው እኛ ክፍል ከገቡ በኋላ ነው።

የኤሌክትሪክ መምህር፦ እነሱ ቃላቸውን የለዩት መጽሐፉ ሳይሠራጭ ነው። የእኛ «ኃይል» ግን በኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ስም ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ እርስዎ ከዚያ ሊያነሡት ነው?

የአማርኛ መምህርት፦ ለምን አነሣዋለሁ? እነሱ የሚሸጡት በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ኢነርጂ ኃይል ይባል ያልኩትም ለዚሁ ነው።

አርታኢ፦ ታዲያ የመካኒክስ መምህሩን ማን ያሳምነው?