ጥጥ በስክሪኑ 73፣ በእኔ ሂሳብ 84.5፤ ስህተቱ የት ነው?

ጠያቂ፦ የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም እናንተ። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ አንድ መፍተያ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ አቅራቢ የጥጥ ዋጋ ልኮልናል። «CTZ + 700 ነጥብ፣ ጅቡቲ ድረስ፣ ዋጋውን ገዢ ይቆርጣል» ይላል። CTZ የኒውዮርኩ የዲሴምበር ጥጥ ፊውቸርስ፣ ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ጥጡ በኋላ የሚረከብበት ውል፣ መለያ ነው። አለቃዬ «የኒውዮርኩ የዲሴምበር ፊውቸርስ ተገቢ ዋጋ መሆኑን አስልተሽ አምጪ» አለኝ። በተማርኩት ኮስት ኦፍ ካሪ፣ የዛሬው ዋጋ ላይ የማቆያ ወጪውን በመደመር፣ ሠራሁት። ስፖት፣ የዛሬው ዋጋ ማለት ነው፣ በፓውንድ 80 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ወለድ በዓመት 6 በመቶ፣ መጋዘን ከነኢንሹራንሱ በወር ግማሽ ሳንቲም፣ ጊዜው አምስት ወር። 84.5 ወጣልኝ። ስክሪኑ ላይ ግን 73 ነው። ገበያው ይሄን ያህል ይሳሳታል? ደግሞ አንድ ባልደረባዬ «ድሮ በነበርኩበት ቤት ሄጅ አድርገን ከሰርን» ይላል። ሄጅ ማለት ፊውቸርስ ይዞ ከዋጋ ለውጥ ራስን መከለል፣ እንዳይከሰር አልነበር እንዴ?

ጦሳ ስር

ፊውቸርስ ማለት እኮ ትንበያ ነው። ዛሬ 80፣ ለዲሴምበር 73 ከሆነ፣ ገበያው ዋጋ ይወርዳል ብሎ እየጠበቀ ነው። እኔ ብሆን አልቸኩልም። አሠራርሽ ግን ልክ ነው፤ ወለዱም መጋዘኑም ይደመራል።

ቦርከና

አብሽሪ፣ መደመሩ ላይ ስህተት የለም። ግን 80ዋን ከየት አመጣሻት?

የሰኞ ገበያዋ

ከኮትሉክ ኤ ኢንዴክስ። አቅራቢውም 73 ላይ 700 ነጥቡን፣ ማለትም 7 ሳንቲም፣ ሲጨምር 80 ስለሚመጣ ልክ መሰለኝ።

ቦርከና

ጠርጥሬ ነበር። ኤ ኢንዴክስ ሩቅ ምሥራቅ ወደብ ድረስ የተጓጓዘ ጥጥ ዋጋ ነው። የመርከቡ ኪራይ ውስጡ አለ። ጥራቱም የኒውዮርኩ ኮንትራት መነሻ ከሚያደርገው ጥጥ ይሻላል። ኮንትራቱ ላይ ጥጥ የሚረከቡት አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ጋልቬስተን፣ ሂውስተን፣ ሜምፊስ፣ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ባሉ መጋዘኖች። ስለዚህ ስሌቱ የሚነሳው እዚያው መጋዘን ውስጥ ካለው፣ ኮንትራቱ ከሚቀበለው ጥጥ ዋጋ ነው። አንቺ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጥጥ ወስደሽ፣ ሜምፊስ መጋዘን ውስጥ አምስት ወር አስቀመጥሽው።

ያ ጥጥ እዚያ 70 ነው እንበል። F ፊውቸርሱ፣ S የዛሬው ዋጋ፣ r የዓመቱ ወለድ፣ t ጊዜው በዓመት፣ U የመጋዘኑ ወጪ ከሆነ ስሌቱ ይሄ ነው፦

```
F = S × (1 + r × t) + U
F = 70 × (1 + 0.06 × 5/12) + 2.5
F = 70 + 1.75 + 2.5 = 74.25
```

11.5 ሳንቲም የነበረው ልዩነት 1.25 ሆነ። የቀረችውም ስህተት አይደለችም። 74.25 ጣሪያ ነው። ፊውቸርሱ ከዚያ በላይ 76 ቢሆን፣ ገንዘብ ያለው ሰው ዛሬ በ70 ጥጥ ይገዛል፣ በ76 ፊውቸርስ ይሸጣል፣ አምስት ወር አስቀምጦ ያስረክባል። ወጪው 4.25፣ ልዩነቱ 6። 1.75 ሳንቲም በነጻ። ይሄን ብዙ ሰው ሲያደርገው ዋጋው ተመልሶ ይወርዳል።

ወደ ታች ግን ወለል የለውም። 73 ረከሰ ብሎ ለማስተካከል፣ በእጁ ጥጥ ያለው ሰው ዛሬ ሸጦ በፊውቸርስ መልሶ መግዛት አለበት። መፍተያ ግን ነገ ማሽኑ እንዳይቆምበት ነው ጥጡን ያከማቸው። ለ1.25 ሳንቲም ብሎ መጋዘኑን ባዶ አያደርግም። ስለዚህ ጥጥ ሲጠብብ ፊውቸርሱ ከጣሪያው እየራቀ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከስፖቱም በታች ይሆናል። ባልነው 70 ከሄድን በስፖቱና በፊውቸርሱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሳንቲም ነው፣ ሙሉው የማቆያ ወጪ 4.25። ሰባ በመቶ ገደማ። ገበያው ጥጥ አልጠገበም፣ አልተራበምም። ለአለቃሽ ይሄን ንገሪው።

ጦሳ ስር፣ ትንበያ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ለሚከማች ዕቃ ትንበያው መጀመሪያ የሚገባው ስፖቱ ውስጥ ነው። ሁሉም ይወደዳል ብሎ ካመነ ዛሬ ይገዛል፣ የዛሬውም ዋጋ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የማስቀመጫ ሂሳብ ነው።

ጦሳ ስር

እሺ፣ ግን ጁላይ ከዲሴምበር በብዙ የበለጠበት ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ 2011 ጥጥ ከሁለት ዶላር ባለፈበት ዓመት ማለት ነው። ያኔ የማስቀመጫው ሂሳብ የት ገባ?

ቦርከና

ጥሩ አነሳኸው። በጁላይና በዲሴምበር መካከል አዲስ ምርት ይገባል። አሮጌው ጥጥ ካለቀ ማንም አስቀምጦ ዲሴምበር ላይ የሚያስረክበው ነገር የለም። ቀመሩ አንድን ጥጥ ከዛሬ እስከ ማስረከቢያው ማቆየት ይቻላል ብሎ ነው የሚነሳው። አዝመራ ሲያቋርጠው አንተ ያልከው ትንበያ፣ የአዲሱ ምርት ትንበያ፣ ይነግሣል። የእኅታችንም ዲሴምበር የአዲሱ ምርት ኮንትራት ነው። ስለዚህ ሰባ በመቶ ያልኩትን በጥንቃቄ ያዢው፤ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያለውን ልዩነት ብታሰሊው ይበልጥ ይታመናል።

የማሾው ነጋዴ (ኮምቦልቻ)

እኔ እንኳ ጥጥ አላውቅም፤ ነገሩ ግን የኔ ነው። ኅዳር ላይ ማሾ በኩንታል 7,000 ገዝቼ አራት ወር አስቀመጥኩ። የባንክ ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ስለሆነ 420 ብር በላ። ኪራይና ጫኝ አውራጅ 60። ነቀዝ ደግሞ ከመቶ ሁለቱን፣ 140 ብር። 7,620 ካልሸጥኩ ኪሳራ ነው። በ7,400 ሸጥኩ። ቀመራችሁ ልክ ከሆነ ገበያው 7,620 መክፈል አልነበረበትም? ምርት ገበያው በፊውቸርስ ቢሸጥልኝስ ኖሮ?

ቦርከና

ነቀዙን መቁጠርህ ደስ ይላል፤ መጽሐፍ የተማሩት ይረሱታል። ግን ሂሳብህ የሚነግርህ ዛሬ ለመጋቢት ማስረከቢያ ስንት ብትዋዋል እንደማትከስር ነው። መጋቢት ላይ ገበያው ስንት እንደሚሆን አይልም። አንተ ደግሞ ኅዳር ላይ ከማንም ጋር አልተዋዋልክም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ የሚያገበያየው መጋዘን የገባ ዕቃ በእለቱ ዋጋ ነው፤ ፊውቸርስ የለውም። ኅዳር ላይ «መጋቢት በ7,700 እረከብሃለሁ» የሚል አስተማማኝ ገዢ አግኝተህ ቢሆን፣ ያኔ ሂሳብህ እንጀራ ይሆን ነበር።

ሐይቅ ዳር

እኔ ወለድ አልነካም። በገዛ ገንዘቤ ነው የማስቀምጠው። ታዲያ ለእኔ ኮስት ኦፍ ካሪ መጋዘኑ ብቻ ነው አይደል?

ቦርከና

ገንዘብህ አራት ወር ታስሮ ሌላ ንግድ ቢያመልጥህ ያ ያመለጠህ ትርፍ ወጪ ነው። የገበያውን ዋጋ ግን ያንተ ገንዘብ አይወስነውም፤ ብዙው ነጋዴ በስንት እንደሚያገኘው ነው። ስሙን ምን እንደምንለው ሼኮቹ ይንገሩን።

የሰኞ ገበያዋ

ገባኝ። ሄጁስ?

ቦርከና

እኔም አንድ ንግድ ቤት ስሠራ ደርሶብኛል። በአንቺ ቁጥር ላሳይሽ። ሐምሌ ላይ አራት ኮንትራት ዲሴምበር በ73 ገዛሽ እንበል። አንዱ 50,000 ፓውንድ ነው፤ አራቱ 200,000፣ 900 ኩንታል ያህል። ጅቡቲ የደረሰ ጥጥ 80 ነው። ልዩነቱ፣ ቤዚሱ፣ 7። በልብሽ «80 ላይ ቆለፍኩ» ትያለሽ።

ኅዳር ላይ ፊውቸርሱ 79 ሆነ። ጅቡቲ የደረሰው ግን 89። ለምን? በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ሲጀምሩ ያየነውን አስቢ። የመርከብ ኪራይ ይወጣል፣ ሜምፊስ መጋዘን ውስጥ ያለውን ጥጥ ግን አይነካውም። ከፊውቸርሱ 6 አተረፍሽ። ጥጡን በ89 ገዛሽ። የተጣራው 83 ነው።

```
83 = 73 + 10
```

73 የገባሽበት ፊውቸርስ ነው፤ 10 የወጣሽበት ቀን ቤዚስ። የቆለፍሽው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር። 3 ሳንቲም ሲባዛ በ200,000፣ 6,000 ዶላር። ባልደረባሽ «ከሰርን» ያለው ይሄን ይመስለኛል። ሄጅ ባይኖር ግን ጭማሪው 9 ሳንቲም፣ 18,000 ዶላር ነበር።

ቤዚስ ክፉ መሆኑን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለ። ያለፉትን ግዢዎቻችሁን አውጪ። በየቀኑ የከፈላችሁትን ዋጋና የዚያን ቀን ስክሪን ጎን ለጎን አስቀምጪና ቀንሺ። ልዩነቱ 6፣ 7፣ 8 እያለ ከሄደ ሄጁ ይሠራል። 4፣ 11፣ 6፣ 13 የሚል ከሆነ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው ዞራችኋል። የአገር ውስጥ ጥጥ በብር የምትገዙ ከሆነማ፣ ልዩነቱ ውስጥ የዶላሩ ምንዛሪም አለ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የነበረውን ከኋላው ጋር አታቀላቅዪው።

ጦሳ ስር

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ኒውዮርክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ዋጋ በወረደ ቁጥር በማግስቱ ዶላር ልኮ ማርጂን፣ የመያዣውን ገንዘብ፣ ይሞላል? ለዕቃ መግዣ የሚሆን ዶላር ስንት ወር ተጠብቆ!

ቦርከና

እዚህ ላይ አሸነፍከኝ። ግን የአቅራቢውን ወረቀት እዩት። ፊውቸርሱን የሚይዘው፣ ማርጂኑንም የሚሞላው እሱ ነው። እሷ «ዛሬ አራት ኮንትራት ቁረጥልኝ» ብላ ትጽፋለች፣ የዚያ ሰዓት ዋጋ ላይ 700 ነጥብ፣ 7 ሳንቲም ማለት ነው፣ ተጨምሮ ዋጋዋ ይሆናል። ቤዚሱ ውሉ ላይ ተቆርጧል። ክፍት የቀረው ስክሪኑ ነው። ከላይ ከነገርኳት የተገላቢጦሽ ነው። ከዲሴምበር ኮንትራት የመጀመሪያ የማስረከቢያ ማስታወቂያ ቀን በፊት መቁረጥ አለባት። ካለፈ ወደ ማርች ይዞራል፤ በሁለቱ ወራት መካከል ያለው ልዩነትም በእሷ ላይ ነው።

የማሾው ነጋዴ

እኔ ብሆን 900ውን ኩንታል ዛሬውኑ እቆርጥ ነበር። ከማሾ የተማርኩት እሱን ነው።

ጦሳ ስር

እኔ ግማሹን። ገና አምስት ወር አለ፣ የክር ደንበኛም አልተዋዋለም።

ቦርከና

የክሩ ውል ከሌለ የጥጡን ዋጋ መቁረጥ ራሱ ቁማር ሊሆን ይችላል። ክሩ በቋሚ ዋጋ የተሸጠውን ያህል ቁረጡ እላለሁ። አለቃዋ ግን ላይስማማ ይችላል።

የሰኞ ገበያዋ

ክር የተሸጠው ለ500 ኩንታል ብቻ ነው። ጠዋት ሀረጎን ስወርድ አቅራቢው ጋ ልደውል ነው። የመርከብ ኪራይ ቢጨምር 700ው ይነካ እንደሆነ ውሉ ላይ አላየሁም። ከጅቡቲ በሚሌ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለው የካሚዮን ዋጋም የእኛ ነው፤ እሱን ማንም አልቆለፈውም።