ጠጠር ለነበረበት ሰው በቀን 3000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ?

ሹፌሩ (ሪያድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጉንፋን ከያዘኝ 3 ቀኔ ነው። ጓደኛዬ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ባለ 1000 ቫይታሚን ሲ በቀን 3 ጊዜ ውሰድ፣ በ2 ቀን ይለቅሃል አለኝ። ከትናንት ጀምሬ እየወሰድኩ ነው። አምና ግን የኩላሊት ጠጠር ወጥቶልኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው?

ጌች፦ አትጨነቅ ወንድሜ። ቫይታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ አይከማችም፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል። እኔ ክረምቱን ሙሉ ወስጄ ምንም አልሆንኩም።

ፋርማሲስቷ፦ ጌች፣ በሽንት ይወጣል ያልከው ልክ ነው። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ሰውነት ከፊሉን ኦክሳሌት ያደርገዋል። እሱ ሽንት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ሲጣበቅ ጠጠር ይሆናል፤ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ይኸው ነው።

ስዊድን ውስጥ ጠጠር ይዟቸው የማያውቁ ወደ 23 ሺህ ወንዶችን ለ11 ዓመት ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2013 ወጣ። ቫይታሚን ሲ ለብቻው በክኒን ከሚወስዱት መካከል ጠጠር የያዛቸው ካልወሰዱት እጥፍ ገደማ ሆኑ። ክትትል ብቻ ስለሆነ ጥፋተኛው ክኒኑ ነው ብሎ አይፈርድም። ያም ሆኖ ከወሰዱት አብዛኛው ሰው ጠጠር አልያዘውም፣ ጌችም ከነሱ አንዱ ነህ። ሹፌሩ ግን አንድ ጊዜ ጠጠር ይዞታል፣ ያለውም ሙቀት አገር ነው። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣብህ ውሃ የምትቀንስ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። 3000 ጤነኛ አዋቂ እንዳያልፈው ከሚመከረው 2000ም በላይ ነው። እኔ ብሆን ዛሬውኑ አቆማለሁ።

ሹፌሩ፦ ውሃ መቀነሱን እንዴት አወቅሽ? ግን ጉንፋኑንስ አያሳጥረውም?

ፋርማሲስቷ፦ ሳይታመሙ በፊት ጀምረው በየቀኑ በሚወስዱ አዋቂዎች ላይ ጉንፋኑ 8 በመቶ ያህል አጥሯል። የ7 ቀን ጉንፋን ቢሆን ግማሽ ቀን ገደማ ማለት ነው። ከያዘህ በኋላ ስትጀምር ግን በጥናቶቹ ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየም። አንተ የጀመርከው ሁለተኛው ቀን አልፎ ነው። ከነገ ወዲያ ቢሻልህ፣ ጉንፋኑም ያኔ መሄጃው ደርሷል።

የሕፃን እናት፦ እኔ ለልጄ ሎሚ በማር ነው የምሰጠው። እሱም ጠጠር ያመጣል ማለት ነው?

ፋርማሲስቷ፦ አይ፣ እሱ ሌላ ነው እህቴ። በአንድ ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከዚያ ክኒን ጋር አይወዳደርም። ሎሚ ያለው ሲትሬት እንዲያውም ጠጠርን ይከላከላል። ልጅሽ ዓመት ካልሞላው ግን ማሩን ተይው።

ጌች፦ እሺ፣ በቀን 500ስ?

ፋርማሲስቷ፦ እሱ ላይ እንዲህ ነው ብዬ ቁርጡን አልነግርህም። ጠጠር ለነበረበት ሰው ግን ከምግብ የሚያገኘው ይበቃዋል እላለሁ። ሹፌሩ፣ ጎንህን ወግቶ ከያዘህና ትኩሳት ከተጨመረበት ነገ አትበል፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የአምናውን ጠጠር ላብራቶሪ አስመርምረኸው ነበር?

ሹፌሩ፦ ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ነው የወጣው። ማን ጎንበስ ብሎ ይለቅመዋል?