ፊቴን ሳላሳይ የዳቦ ቆሎ ቪዲዮ ስክሪፕት እንዴት ልጻፍ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቤት ውስጥ ዳቦ ቆሎ እየሠራሁ በግማሽ ኪሎ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ «ቲክቶክ ላይ ውጪ» ይሉኛል። እኔ ግን ካሜራ ሲበራ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ስልኩን ከላይ አስሬ እጄን ብቻ መቅረጽ ጀመርኩ።

እስካሁን የለቀቅኳቸው አራት ቪዲዮዎች ሁሉም የሚጀምሩት ዱቄት ከመንፋት ነው። ቲክቶክ የሚያሳየኝን ግራፍ ሳየው፣ አብዛኛው ሰው ገና ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ዱቄት ሲነፋ ቁጭ ብዬ አላይም።

አሁን ባለ 20 ሰከንዱን ቪዲዮ ስክሪፕት ከመጨረሻው እንዲጀምር አድርጌ ጻፍኩት። መጀመሪያ የተቆላው ዳቦ ቆሎ ሰፌድ ላይ ኮሽ ኮሽ እያለ ሲፈስ ይታያል፤ ከላዩ «እንዲህ እንዲንኮሻኮሽ ምን አደረግኩት?» የሚል ጽሑፍ አለ። ቀጥሎ በርበሬና ዘይት የገባበት ሊጥ ይታሻል፣ እንደ ገመድ ይድቦለቦላል፣ በመቀስ ይቆረጣል። ከዚያ ምጣድ ላይ በቀስታ ይቆላል። መጨረሻ ላይ አንዷን ለሁለት ሰብሬ ውስጧ መድረቁን አሳያለሁ።

የተቸገርኩት ትረካው ላይ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ቀዳሁት (አትሳቁ)። 70 ቃል ስለሆነ፣ 20 ሰከንድ ውስጥ እንዲገባ ስሮጥ ትንፋሼ አጠረ። ወደ 30 ቃል ልቀንሰው ወይስ ድምፄን ትቼ ጽሑፉንና የመቀሱን ድምፅ ብቻ ላስቀር? ዋጋውንስ እዚያው ልጻፍ ወይስ ለኮሜንት ልተወው? ሞክሮ ያየ ካለ ስክሪፕቴን ያርምልኝ።