«ጠንካራ ሪድ ጠንካራ ድምፅ» ማለት ልክ ነው?

የሱሉልታ አባት፦ የ12 ዓመት ልጄ አልቶ ሳክስፎን ከጀመረች 3 ወር ሆናት። ድምፅዋ ሰላላ ነው፣ መሀል ላይ ሲጥ ይላል። አስተማሪዋ «ሪዱ፣ መንፊያው ላይ የሚታሰረው ስስ ሸንበቆ፣ ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ከ2 ቁጥር ወደ 3 ቁጥር ቀይሩላት፤ ጠንካራ ሪድ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል» አለን። ገዛን። አሁን ጭራሽ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። በጣም ተናድጃለሁ። ሰውዬው ልክ ነው?

የድሮ ነፊ፦ ልክ አይደለም። ሪዱ ሲጠነክር ልጅቷ እሱን ለማንቀሳቀስ ትነክሳለች። ስትነክስ ሪዱ ወደ ማውዝፒሱ፣ ወደሚጎረሰው መንፊያ፣ ይጠጋል፣ የአየር መግቢያው ይጠባል። ሰላላው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ደግሞ ሱሉልታ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ሲሆን 2 ቁጥሩ ራሱ ጠጠር ይላል።

ከሰበታ፦ አስተማሪውን ለቀቅ አድርጉት። ጠንካራ ሪድ ድምፅ እንደሚያወፍር ማንም ነፊ ያውቃል። የጌታቸው መኩሪያን ቴነር ሳክስፎን የሰማ ሰው ስለ ለስላሳ ሪድ አያወራም።

የድሮ ነፊ፦ «ማንም ነፊ» ያልከው ከንፈሩ የጠና ነፊ ነው። ለሱ እሺ። የ3 ወር ከንፈር ግን አይችለውም። የጌታቸውንም ድምፅ ለሪድ ቁጥር መስጠት እሱን ማሳነስ ነው።

ከሰበታ፦ ማን አሳነሰው? እኔ ሳሳንሰው የት አየህ?

የቡራዩ ክላርኔት፦ እኔን ሲጥ ሲለኝ የነበረው የቀለበት ጣቴ ቀዳዳውን ስላልደፈነው ነው። ጣቷን እዩላት።

የድሮ ነፊ፦ እሱ የክላርኔት ነው እህቴ። ሳክስ ላይ ቀዳዳውን የሚደፍነው ክዳኑ ነው። የልጅቷ አባት፣ ማውዝፒሱን ነቅለህ እሱን ብቻ ትንፋ። ስልክህ ላይ ቱነር፣ የትኛው ኖታ እንደሆነ የሚያሳየውን አፕ፣ ክፈት። አልቶ ከሆነ ኤ ኖታ አካባቢ መቆም አለበት። ከዚያ ሽቅብ ከወጣ እየነከሰች ነው። ቀጥሎ ስስ ወረቀት በሪዱና በማውዝፒሱ መሀል ከጫፍ አስገባ። ወረቀቱ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ የታች ከንፈሯ ይረፍ።

የሱሉልታ አባት፦ አሁን ሞከርን። ቱነሩ ሽቅብ ሲ ኖታ ላይ ወጣ! ወረቀቱ የቆመበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ለካ ስትጎርሰው የነበረው የዚያን ግማሽ ነው። ወደ 2 መልሰን እስከ ምልክቱ ስትጎርስና አገጯን ስታላላ ወደ ኤ ተጠጋ፣ ድምፁም ሞላ። ሲጥ ማለቱ ግን አልተወም። ሪዱን መብራት ላይ ሳየው ጫፉ አንድ ጥግ ላይ ተሸርፏል።

ከሰበታ፦ አያችሁ? ጥፋቱ የሪዱ ነው። አስተማሪው «ቀይሩ» ነው ያለው።

የድሮ ነፊ፦ «ለስላሳ ነው» ነው ያለው። የተሸረፈ ሪድ ለስላሳ አይባልም። በሌላ 2 ቁጥር ይቀየራል እንጂ በ3 አይደለም።

ከሰበታ፦ ቀይሩ አለ ወይስ አላለም?

የቡራዩ ክላርኔት፦ እኔ አሁንም ጣቷን እዩላት ነው የምለው። የጎን ክዳኖቹን በመዳፏ እየነካች ሊሆን ይችላል።

የድሮ ነፊ፦ ይሄኛው እንኳን ይሆናል። አባትየው፣ አዲስ 2 ቁጥር ስታገኝ እሱንም እይልኝ።