ጥቆማ፦ በር የጨፈለቀው ጣት በፕላስተር ይድናል ወይስ ስፌት ይፈልጋል?

ሀረግ፦ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ወንድሜ ጣቱ ላይ የመኪና በር ከተዘጋበት ሦስት ሰዓት ሆነው። የመሃል ጣቱ ነው። ከጥፍሩ ጎን ጀምሮ ወደ ጫፉ የወረደ ቁስል አለው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጥፍሩ ግማሹ ጠቁሯል። ደሙ ቆሟል፣ ጣቱን ሲያጥፍ ግን የቁስሉ አፍ ይከፈታል። ከፋርማሲ ስስ የቁስል ፕላስተር ገዝተን እንያዘው፣ ቅርብ ያለች ትንሽ ክሊኒክ እንሂድ፣ ወይስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል? ቴታነስ መቼ እንደተከተበም አያስታውስም።

ሚኪ፦ ለዚህ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍስሱበት፣ አረፋው ቆሻሻውን ያወጣዋል። ከዚያ ቤታዲን ቀብታችሁ እሰሩት። እኛ ቤት ሁሌም የምንጠቀመው ይሄንኑ ነው።

የማታ ተረኛ፦ ሚኪ፣ አረፋው ፈሳሹ ከደምና ከሥጋ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ነው፣ ቆሻሻ ስለተነቀለ አይደለም። ሊድን የሚችለውንም ሥጋ ይጎዳል። የሚያጸዳው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እላዩ ላይ ይፍሰስበት፣ ሳሙናው በዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ ይብቃ። እንደገና ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ፣ እጁን ከልቡ በላይ አድርጋችሁ፣ 15 ደቂቃ ሳትገልጡ ያዙት። በየደቂቃው እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይነቅለዋል።

ሀረግ፣ ጣቱ ላይ ቀለበት ካለ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አውልቂው። የተጨፈለቀ ጣት ነገም እያበጠ ይሄዳል፣ ያኔ ቀለበቱ በመቁረጫ ካልሆነ አይወጣም።

ከዚያ ሁለት ነገር እዪ። መጀመሪያ የጣቱን መካከለኛ አጥንት በሌላ እጅሽ አጥብቀሽ ያዢና የመጨረሻውን አንጓ ብቻ አጥፎ ይዘርጋ። ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከቀረ ጅማቱ ወይም ጅማቱ የተያያዘበት አጥንት ተጎድቷል። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ የጣቱን ጫፍ ግራና ቀኝ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብለሽ ንኪና ከሌላው እጁ ጋር ያወዳድር። ይሄ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት መታየት አለበት። ጣቱ ከደነዘዘ በኋላ ነርቩ ደኅና ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቤዛ፦ ክሊኒክ እንዳትወስዱት! እኔን አንድ ክሊኒክ ደም ቋጥሯል ብለው ጥፍሬን ሙሉ በሙሉ ነቀሉት። አሁን ሲያድግ መሃሉ ተሰንጥቆ ነው የሚወጣው።

ዳኒ፦ ጥፍር ሥር ደም ካለ ጥፍሩ መነቀል የለበትም እንዴ? እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው።

የማታ ተረኛ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ጥፍሩ ዙሪያውን እንደተጣበቀ ከሆነና ከሥሩ ደም ብቻ ከቋጠረ ቦታው ላይ ይቆያል። ሕመሙ እንደ ልብ ምት የሚመታ ከሆነ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ደሙ ይወጣል፣ ሕመሙም ወዲያው ይቀላል። ይህ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀን ወይም በሁለተኛው ነው፣ ከዚያ በኋላ ደሙ ይረጋል። ቤት ውስጥ በጋለ መርፌ አትሞክሩት፤ በተለይ ሰው ሠራሽ ጥፍር እሳት ይይዛል።

ጥፍሩ ከተነሳ ወይም ቁስሉ ጥፍሩን ቀዶ ወደ ሥሩ ከገባ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ጥፍሩ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ሥጋ በቀጭን፣ ራሱ በሚሟሟ ክር ይሰፋል። ቤዛ፣ አዲሱ ጥፍር ተሰንጥቆ የሚያድገው ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው ሥጋ ተቀዶ ጠባሳ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ መንቀሉ ይሁን ሥጋው ሳይሰፋ መቅረቱ ከዚህ ሆኖ መፍረድ አይቻልም።

ወይዘሮ ዘ፦ የኔ ልጅ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በረዶ ውስጥ ክተቺና ይዘሽ ሩጪ፣ ይቀጥሉታል።

ሲስተር ማ፦ እትዬ፣ የሱ ጣት አልተቆረጠም። ግን ለሌላ ሰው እንዳይሳሳት፣ የተቆረጠ ጫፍ በረዶ አይንካው፣ በረዶ ሥጋውን ይገድለዋል። በረጠበ ንጹሕ ጎዝ ይጠቀለላል፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይታሸጋል፣ ከረጢቱ ነው በረዶና ውሃ ላይ የሚቀመጠው።

ዳኒ፦ ሰው የጠየቀው የት ልሂድ ነው። እናንተ የጥፍር ክርክር ይዛችሁ ሦስት ሰዓቱ አራት ሆነ።

የማታ ተረኛ፦ እውነትህን ነው። የምትመርጡት ቤት ራጅ ያለው ይሁን። በር የዘጋበት ጣት ጫፉ ላይ ያለው አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቁስል ካለ ደግሞ ስንጥቁ ከውጭ ጋር ተገናኘ ማለት ነው፣ አስተጣጠቡም ክትትሉም ይለያል። ትንሿ ክሊኒክ ራጅና የሚሰፋ ሰው ካላት ትበቃለች። የፋርማሲው ፕላስተር ለቀጥተኛ፣ ደረቅና ለማይታጠፍ ቦታ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ላብና መታጠፍ ይነቅሉታል። ጣቱን ዙሪያውን ከጠቀለላችሁበት ደግሞ እብጠቱ ሲመጣ ደም ያግዳል።

ሲስተር ማ፦ እኔ ግን ስፌት የግድ ነው አልልም። እጅ ላይ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ጅማትና ነርቭ ያልነካ ቁስል ሳይሰፋም በደንብ ይድናል። የተጨፈለቀ ጠርዝ አጥብቀው ሲሰፉት ደግሞ ሲያብጥ ቆዳው ይሞታል።

የማታ ተረኛ፦ አጥብቆ ላለመስፋት እስማማለሁ። አፉ ሲታጠፍ የሚከፈተውን ግን እኔ ሁለት ክር ላላ አድርጌ አስይዘዋለሁ።

ቶማስ፦ ዝገት ካልነካው ቴታነስ አያስፈልገውም። 24 ሰዓት ካለፈም መከተቡ ዋጋ የለውም።

ሲስተር ማ፦ ቶሎ መከተብ ይሻላል በሚለው ልክ ነህ። ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን የመጣም ይከተባል። ዝገቱ ደግሞ ምክንያት አይደለም። ተህዋሱ አፈር፣ አቧራና የከብት እበት ውስጥ አለ፣ አየር በማይደርሰው የሞተ ሥጋ ውስጥ ይራባል። የተጨፈለቀ ጣት ያለው እንደዚያ ዓይነት ሥጋ ነው።

ስለዚህ ሲቆጠር፦ ሦስት ክትባት ጨርሶ የመጨረሻው 7 ዓመት የሆነው ሰው ንጹሕ ቢላዋ ቢቆርጠው፣ 10 ዓመት ስላልሞላው ምንም አይወስድም። ያው ሰው ጣቱ ቢጨፈለቅ ግን ከ5 ዓመት ስላለፈ አንድ ማጠናከሪያ ይወስዳል። የሀረግ ወንድም አያስታውስም፣ ማስረጃም ከሌለው እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፣ ክትባቱ በአንድ ክንድ፣ የተህዋሱን መርዝ ወዲያው የሚያከሽፈው ሴረም በሌላ ቦታ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴረሙ ለሳምንታት ብቻ ይጠብቃል፣ እንደ ክትባት አይቆጠርም። ሁለተኛው ክትባት ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይሰጣል። ካርዱን አስጽፉ። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ የወሰዱትም ይቆጠራል።

ሀረግ፦ ቀለበቱ በሳሙና ወጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጫፉን ያጥፋል ይዘረጋል። ግን በአውራ ጣቱ በኩል ያለው ጎን ደንዝዞኛል ይላል።

የማታ ተረኛ፦ ግጭቱ ብቻ አደንዝዞት ሊሆን ይችላል፣ ነርቩም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ሆስፒታል ይሻላል፣ የእጅ ቀዶ ሐኪም የሚጠራበት። ማደንዘዣ ሳይወጉት በፊት ራሱ ይናገር።

ሚኪ፦ እስከዚያው ግን ቤታዲኑን ቀቡት።

ዳኒ፦ ከተሰፋ ክሩ መቼ ነው የሚወጣው?

ሲስተር ማ፦ ጣት ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ የሚሟሟ ክር ከሆነ ራሱ ይወድቃል። እላዩ ላይ ቫዝሊን ያለው ጎዝ ይሁን። ደረቅ ጎዝ ከተጣበቀባችሁ አትጎትቱ፣ በውሃ አርጥቡና ራሱ ይልቀቅ። መግል ካመጣ፣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንዱ መውጣት ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ያን ቀኑኑ ተመለሱ።