አቤቱታዬ በጊዜው ደርሶ «ዘገየ» ተባልኩ

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰኝ ጥቅምት 5 ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ስላለኝ፣ ከምኖርበት የክልል ከተማ ጥቅምት 22 ቀን በፈጣን መልእክት ላክሁ። መልእክት አድራሹ ድርጅት ጥቅምት 25 ቀን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ አስረክቧል። የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማህተም ግን ጥቅምት 29 ይላል፤ በዚህም ቅሬታዬ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተመለሰ።

አድራሹ ድርጅት የርክክብ ቅጹን ቅጂ ሰጥቶኛል። ቀንና ፊርማ አለው፤ የተቀባዩ ስምና ማህተም ግን የለም። ምናልባት የተቀበለው የበር ጥበቃ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ሰነድ» ብቻ መሆኑ ነው፤ በፖስታው ውስጥ የነበረው ቅሬታዬ ስለመሆኑ ምንም አይናገርም። መዝገብ ቤት ሄጄ ፊርማው የማን እንደሆነ ብጠይቅ «የምናውቀው ማህተማችንን ነው» አሉኝ። ፖስታውንም አላስቀመጡትም።

ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለማመልከት ከተሰጠኝ 30 ቀን የቀረኝ 12 ነው። ተመሳሳይ ጉዳይ ያጋጠማችሁ፣ ሰነዱ ጥቅምት 25 መድረሱን ለማሳየት ከዚህ ቅጽ ጋር ምን ዓይነት የጽሑፍ ማስረጃ፣ ከማን አስጽፋችሁ አቀረባችሁ?