«ሁሉም ሰው በ4 ደቂቃ ወጥቷል»፦ እውነት?

ስድስተኛ ፎቅ፦ የሕንፃችን አስተዳደር ዛሬ ሊፍት ውስጥ የለጠፈው ይኸው፦ «ትናንት በተደረገው የእሳት አደጋ ልምምድ ሁሉም ሰው በ4 ደቂቃ ወጥቷል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።» ሁሉም? እኛ ጋ ሁለት ልጆች ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ክፍል ነበሩ። አላርሙ ሲጮኽ ድምፁ ስለረበሻቸው በሩን ዘጉት። ማንም አላንኳኳባቸውም።

ቢሮ 402፦ ልምምድ ነው እኮ ወገን። አምና ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ዘጠኝ ፎቅ በ4 ደቂቃ ባዶ ማድረግ ቀላል ነው? ትንሽ ማመስገን ብንለምድ ምናለ።

ስድስተኛ ፎቅ፦ ባዶ ማድረግ አልክ? ሦስት ሰው ውስጥ እያለ?

ጡረተኛው፦ እሳት አደጋ መከላከል ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። 4 ደቂቃው ከምን እስከ ምን ነው? የመጨረሻው ሰው በሩን እስኪወጣ ነው ወይስ ቆጠራው እስኪያልቅ? ሁለቱ የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው፤ መዝገቡ ላይም ለየብቻ ነው የሚጻፉት። 939 ተደውሎ መኪናው ሲደርስ አዛዡ ቀድሞ የሚጠይቀው «ውስጥ ሰው አለ? የት?» ብሎ ነው። «ሁሉም ወጥቷል» ካላችሁት እነዚያን ሦስት ሰዎች ማንም አይፈልጋቸውም። «እንጃ» ካላችሁት ደግሞ እሳት አጥፊዎቹ ባዶ ሊሆን የሚችል ክፍል ፍለጋ ጭስ ውስጥ ይገባሉ።

ሰው ሃብት፦ ቆጠራ አልተደረገም ያለው ማነው? ስም ጠርተናል። ፊርማው አለ።

ስድስተኛ ፎቅ፦ የየትኛውን ወረቀት ስም? ጠዋት በጣት አሻራ የገባውን? እሱ ላይ ያለ ሰው ግማሹ መስክ ወጥቷል። ደንበኛው ደግሞ መጀመሪያም ስሙ የለበትም። ለሌለ ሰው ጓደኛው «አቤት» ሲልለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቢሮ 402፦ እንግዲህ ለሽንት የሄደውንም አስተዳደሩ ይከተለው? 😂

ጡረተኛው፦ አዎ፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚያይ ሰው መኖር አለበት። የፎቅ ተጠሪ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ቀድሞ የሚወርድ ሰው አይደለም። ከደረጃው በጣም ከራቀው ጫፍ ይጀምርና ወደ ደረጃው እያየ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቶችን፣ ስብሰባ ክፍሉን፣ ሻይ ክፍሉን፣ ፎቶ ኮፒ ያለበትን ጓዳ ያያል። የተዘጋ በር ካገኘ በእጁ ጀርባ ይነካል። ከጋለ አይከፍተውም። ያየውን ክፍል በር ይዘጋል፣ ግን አይቆልፍም። ከዚያ ወርዶ ለዋናው ተጠሪ «ስድስተኛ ባዶ ነው» ወይም «የሴቶች መጸዳጃን አላየሁም» ይላል። ሁለተኛው መልስም ጥሩ መልስ ነው፣ ምክንያቱም አዛዡን የት እንደሚልክ ይነግረዋል። ተጠሪው ራሱ ተመልሶ መግባት የለበትም።

ሰው ሃብት፦ የስድስተኛ ፎቅ ተጠሪ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት።

ስድስተኛ ፎቅ፦ ምክትልስ?

ሰው ሃብት፦ በሂደት ላይ ነው።

ስድስተኛ ፎቅ፦ እና «ስድስተኛ ባዶ ነው» ብሎ የፈረመው ማነው?

አዋሽ ማዶ፦ እኔ ግን የማልስማማው ከሕንፃ ውጡ በሚለው ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር መሬቱ ሲናወጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ አልነበር? እኛ ሁላችን በደረጃ ሮጥን። አንዷ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ማን ይጠየቃል?

ጡረተኛው፦ ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ነው። መሬት እየተናወጠ ደረጃ ላይ አይሮጥም። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ እስኪያቆም ትጠብቃለህ። እዚህ የምናወራው ስለ እሳት ነው።

አዋሽ ማዶ፦ ሁለቱም አደጋ ነው። አላርሙ ሲጮኽ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

ቢሮ 402፦ ይሄ እንኳን ጥሩ ጥያቄ ነው። አስተዳደሩም መሰብሰቢያውን ዋናው በር ፊት ለፊት ያደረገው ሁሉም እንዲያውቀው ብሎ ነው።

ጡረተኛው፦ ዋናው በር ፊት ለፊት? ከላይ እስከ ታች መስታወት በሆነ ሕንፃ ሥር? መስታወት በሙቀት ሲሰነጠቅ የሚወርደው እዚያው ነው። መኪናችን የሚገባውም በዚያው በር ነው። ሰው ተሰብስቦ ከቆመ ቱቦ የምንዘረጋበት ቦታ አናገኝም። ከሕንፃው ራቅ ያለ ቦታ፣ አስፋልት ሳያቋርጡ የሚደረስበት፣ ከኋላ ያለው ግቢ ምን ሆነ?

ቢሮ 402፦ የባለቤቱ የግል ፓርኪንግ ነው። 🙂

የበር ጥበቃ፦ እኔ ጥበቃ ነኝ፣ የየትኛው ሕንፃ እንደሆነ አልናገርም። እንግዳ ሲገባ መታወቂያ ተቀብለን ባጅ እንሰጣለን። በልምምዱ ቀን የመታወቂያውን ሳጥን ይዤ ልወጣ ስል ኃላፊዬ «በሩ ላይ ቁም፣ ዕቃ እንዳይወጣ» አለኝ።

ጡረተኛው፦ የእናንተ ትክክለኛ የእንግዳ መዝገብ ያ ሳጥን ነው። መሰብሰቢያው ቦታ መውጣት ነበረበት። ባጅ የመለሰ መታወቂያውን ይወስዳል። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው መታወቂያ የማን እንደሆነና ወደ የትኛው ፎቅ እንደሄደ ይታያል።

ቢሮ 402፦ ሰው ግን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተሰልፎም ይጋፋል። በእሳት ቀን መታወቂያ ማደል!

የበር ጥበቃ፦ ይሄስ እውነት ነው። ባለፈው ሰው ተጋፍቶ ሳጥኑን ሊገለብጡብኝ ነበር። ደግሞ የኋላው ደረጃ ቁልፍ እኔ ኪስ ነው ያለው። ይሄንንም ማንም አልጻፈውም።

ስድስተኛ ፎቅ፦ የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፏል???

ቢሮ 402፦ ላፕቶፕ በዚያ በኩል እየወጣ ስለነበር ነው። እስኪ አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ጡረተኛው፦ ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት፣ ከውጭ የማይከፈት ብረት አለ። ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ይገጠምለታል፣ ሌባውም ይታወቃል። በሰው ኪስ ያለ ቁልፍ ግን መውጫ አይባልም። ያ ሰው ምሳ ላይ ቢሆንስ?

ቢሮ 402፦ ብረቱን ማን ይገዛል? ባለቤቱ ተከራይ ይግዛ ይላል። ተከራይ ደግሞ ሁልጊዜ አስተዳደሩን መውቀስ ነው።

ሰው ሃብት፦ ሌላውን ብንተወው፣ መዝገቡ ላይ ምን እንዲጻፍ ነው የምትፈልጉት? ቅጹ ላይ ያለው «ቀን፣ ሰዓት፣ የወጣ ሰው ብዛት» ብቻ ነው።

ጡረተኛው፦ ያልተሳካው ይጻፍ። «ስድስተኛ ፎቅ አልታየም፣ ተጠሪ ፈቃድ ላይ፣ ምክትል እስከዚህ ቀን ይመደባል፣ ኃላፊው እገሌ።» «የኋላ ደረጃ ተቆልፎ ተገኘ።» ደግሞ በሚቀጥለው አንድ ሰው ለማንም ሳትነግሩ ፎቶ ኮፒ ክፍል አስቀምጡ። ተጠሪው ካላገኘው ቅጹ ላይ «ሁሉም ወጥቷል» አይጻፍም። አንዱን ደረጃ «ጭስ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ ዝጉትና ሰው ምን እንደሚያደርግ እዩ። ቀኑንም አትናገሩ።

ሰው ሃብት፦ እንዲህ ጽፌ ለኢንሹራንስ ላሳይ? በገዛ እጄ?

ስድስተኛ ፎቅ፦ ለዚህ ነዋ «ሁሉም» የተጻፈው። አሁን ገባኝ።

ቴለሯ፦ ምድር ቤት ያለው ባንክ ነው የምሠራው። ቀኑን አትናገሩ ለምትሉት፦ አላርም ሲጮኽ ከፊቴ ያለውን ብር ትቼ ልሩጥ? የጎደለው ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ትናንት ካሹን ቆጥሬ ካዝና አስገብቼ ነው የወጣሁት። ከ4 ደቂቃው ውስጥ አልነበርኩም።

ጡረተኛው፦ እህቴ፣ መሳቢያውን ቆልፈሽ መውጣት ነው። መቁጠር የለም።

ቴለሯ፦ ይሄንን ለእኔ ሳይሆን ለኃላፊዬ ይንገሩት። መመሪያው ቆጥረሽ አስረክቢ ነው የሚለው።

ቢሮ 402፦ ባንኩ የራሱ ልምምድ ያድርግ እንግዲህ። አስተዳደሩን አይመለከትም።

ስድስተኛ ፎቅ፦ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ጭስ ነው። እንዴት ነው የማይመለከተው?

ጡረተኛው፦ መሳቢያው ተቆልፎ ቁልፉ አንቺ ጋ ካለ ማን ይነካዋል?

ቴለሯ፦ ጋሼ፣ ጉድለት ቢመጣ እከፍላለሁ ብለው ይፈርሙልኝ፣ እኔ ነገውኑ ቀድሜ እሮጣለሁ።